ከኔት የሚወርደው ፋይል የት ይቀመጥ? ስልኩ ውስጥ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ ወይስ ራሳችሁ በከፈታችሁት ፎልደር

ሚሞሪ ካርድ ገዝቶ ስልኩ ላይ ከከተተ በኋላም «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚለው ማስታወቂያ የማይለቀው ሰው ብዙ ነው። ካርዱ 64 ጂቢ ነው። ገብተው ሲያዩት ባዶ ነው። ስልኩ ግን አንድ ፎቶ እንኳን ለማንሳት ቦታ የለኝም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ ካርድ ስለገባለት ብቻ የሚወርደውን ፋይል ወደ ካርዱ አይልክም። ካልነገራችሁት በቀር ክሮምም፣ ቴሌግራምም፣ ዋትስአፕም የሚጽፉት ስልኩ ውስጥ ነው። የሚነገረውም አንድ ቦታ ላይ አይደለም። አንዴ ነክታችሁት ለሁሉም አፕ የሚሠራ ሴቲንግ የለም። አንዳንዱ አፕ የራሱ ምርጫ አለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም።

ስለዚህ ከፊታችሁ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው። ካርዱን የስልኩ አካል አድርጎ ፎርማት ማድረግ አንዱ ነው። ሁለተኛው በየአፑ ሴቲንግ ገብቶ ማውረጃውን ወደ ካርድ መቀየር ነው። ሦስተኛው ፎልደር የሚያስመርጥ የማውረጃ አፕ መጠቀም ነው። አራተኛው ደግሞ የድሮው ዘዴ ነው፤ ስልኩ ላይ አውርዶ በእጅ ማዛወር። የቱ ይሻላል የሚለውን ከማየታችን በፊት ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ልዩነት እንይ። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና።

ፎልደሩ የማን ነው?

ካርዱ ላይ ሁለት ዓይነት ፎልደር አለ። አንደኛው የአፑ የግል ፎልደር ነው። ብዙውን ጊዜ `Android/data` በሚባለው ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው የእናንተ ነው፤ ራሳችሁ ከፍታችሁ ስም ያወጣችሁለት።

ሁለቱም ካርዱ ላይ ስለሆኑ የስልኩን ቦታ አይነኩም። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አፑን ስታጠፉት አንድሮይድ የአፑን የግል ፎልደር ከነይዘቱ አብሮ ያጠፋዋል። «ካርድ ላይ ነው ያለው፣ ምንም አይሆንም» ብላችሁ ቴሌግራምን አጥፍታችሁ ብትጭኑት፣ በግል ፎልደሩ ያጠራቀማችሁት ቪዲዮ አብሮ ሄዷል። ሌላም አለ። በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ወዲህ ተራ የፋይል አፖች ወደ `Android/data` እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ፋይሉ ካርዱ ላይ እያለ «የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በራሳችሁ ፎልደር ያለው ግን የትኛውም አፕ ቢጠፋ አይነካም። ካርዱን ነቅላችሁ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ይከፈታል።

አንድ ፋይል የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ በፋይል አፑ ላይ ፋይሉን ተጭናችሁ ያዙና ዝርዝር መረጃውን ክፈቱ። አድራሻው ከእነዚህ አንዱን ይመስላል፦

```
/storage/emulated/0/Download/
/storage/1A2B-3C4D/Android/data/org.telegram.messenger/
/storage/1A2B-3C4D/Timhirt/
```

የመጀመሪያው ስልኩ ውስጥ ነው። `emulated` የሚለው ቃል ያደናግራል እንጂ ካርድ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ካርድ ላይ ነው፣ ግን የአፑ የግል ፎልደር። ሦስተኛው ካርድ ላይ፣ በእናንተ ፎልደር። በሰረዝ የተያያዙት ፊደልና ቁጥሮች የካርዱ መለያ ስለሆኑ በእናንተ ስልክ ላይ ይለያሉ።

ካርዱን የስልኩ አካል ማድረግ

ይህ አማራጭ የመጣው በ2015 ከአንድሮይድ 6 ጋር ነው። ካርዱን መጀመሪያ ስትሰኩ ስልኩ እንደ ተነቃይ ካርድ ልትጠቀሙበት ወይስ የስልኩ ተጨማሪ ስቶሬጅ ልታደርጉት እንደፈለጋችሁ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ስልኩ ካርዱን እንደራሱ ይቆጥረዋል። አፕ ሳይቀር ይጫንበታል።

ሲሰሙት መፍትሔው ይህ ይመስላል። እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው አልመክርም። ስልኩ ካርዱን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉም ያለው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ከተሰበረ ወይም ሪሴት ከተደረገ ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው አይከፈትም። ነቅላችሁ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም ፎርማት ካልተደረገ አልሠራም ይላችኋል። በዚያ ላይ አፖች ቀኑን ሙሉ ስለሚያነቡትና ስለሚጽፉበት ቀርፋፋ ካርድ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ያንቀራፍፈዋል። ሳምሰንግ ይህን ምርጫ ከስልኮቹ ላይ አውጥቶታል፤ ሳምሰንግ የያዛችሁ ባትፈልጉት ይሻላል።

የሚያዋጣው የስልኩ ስቶሬጅ በጣም ትንሽ ለሆነበት፣ አፕ የሚጭንበት ቦታ ላጣና ካርዱን መቼም ለማይነቅል ሰው ነው። እሱም ቢሆን A1 ወይም A2 የሚል ምልክት ያለበት ካርድ ይግዛ። ምልክቱ ካርዱ አፕ ለማስኬድ የሚያስፈልገውን የተበታተነ ንባብና ጽሕፈት እንደሚችል ይገልጻል። ጉዳያችሁ ፊልምና ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ይህን መንገድ ዝለሉት።

በየአፑ ሴቲንግ መቀየር

ክሮም ላይ ቀላል ነው። ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ `Settings` ከዚያ `Downloads` ግቡ። `Download location` የሚለውን ስትነኩ የስልኩና የካርዱ ስም ከቀሪ ቦታቸው ጋር ይመጣል። ካርዱን ምረጡ። እዚያው `Ask where to save files` የሚለውን ካበራችሁት በየጊዜው ይጠይቃችኋል። ክሮም የሚያስመርጣችሁ በስልክና በካርድ መካከል ብቻ ነው፤ ካርዱ ላይ የፈለጋችሁትን ፎልደር አያስመርጥም። በቆዩ ስልኮች ላይ የሚጽፈው `com.android.chrome` በሚለው የግል ፎልደሩ ውስጥ ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ካርዱ ላይ ባለው `Download` ፎልደር ያስቀምጣል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ትንሽ ፒዲኤፍ አውርዱና ከላይ እንዳልኩት አድራሻውን እዩ።

ዋትስአፕ እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ፎቶውንም ቪዲዮውንም ስልኩ ውስጥ `Android/media/com.whatsapp` በሚለው ስር ያከማቻል። ለእሱ ያለው በእጅ ማዛወር ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ ግን ትንሽ ቆየት እንበል። የብዙዎቻችን ስልክ የሚሞላው በእሱ ነው።

ካርድ ያለበት ስልክ ላይ ቴሌግራም `Settings` ውስጥ `Data and Storage` ስትገቡ `Storage Path` የሚል መስመር ታያላችሁ። ካርዱን ስትመርጡ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ቪዲዮና ፋይል ወደ ካርዱ ይሄዳል። የሚሄደው ግን ወደ ቴሌግራም የግል ፎልደር ነው። አፑን ማጥፋት ፎልደሩን ማጥፋት ነው የሚለው እዚህም ይሠራል።

ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንዱ `Save to Downloads` የሚለው ነው። በቴሌግራም የወረደ ቪዲዮ እዚያው አፑ ውስጥ ይከፈታል፤ ለማየት ሌላ ምንም አያስፈልግም። ብዙ ሰው ግን «እንዳይጠፋብኝ» ብሎ `Save to Downloads` ይነካል። ያኔ ቴሌግራም ሁለተኛ ቅጂ ይሠራና ስልኩ ውስጥ ባለው `Download` ፎልደር ያስቀምጠዋል። 500 ሜጋ የነበረው ቪዲዮ 1 ጂቢ ሆነ ማለት ነው። `Storage Path` ካርዱ ላይ ቢሆንም እንኳን ሁለተኛው ቅጂ ስልኩ ውስጥ ነው የሚያርፈው። «ወደ ካርድ ቀይሬዋለሁ፣ ስልኬ ግን አሁንም ይሞላል» ለሚል ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ቁልፍ ይነካ እንደሆነ ነው።

ሌላው ራሱ የሚያጠፋው ነገር ነው። `Storage Usage` ውስጥ ቴሌግራም የወረዱ ፋይሎችን ለስንት ጊዜ እንደሚያቆይ የሚወስን ምርጫ አለ። አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር ላይ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልከፈታችሁት ቪዲዮ ከካርዱ ላይ ይሰረዛል። ሰው «ካርዱ በላብኝ» ይላል። ካርዱ አልበላም፣ ቴሌግራም የታዘዘውን ነው የሠራው። ፋይሉ ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ እንደገና ይወርዳል፤ ግን ፓኬጁ የእናንተ ነው። ደግማችሁ የምታዩት ነገር ከሆነ ምርጫውን `Forever` አድርጉት።

ፎልደር የሚያስመርጥ የማውረጃ አፕ

እንደ 1DM እና ADM ያሉ የማውረጃ አፖች ከብሮውዘር የሚለዩት ካርዱ ላይ የፈለጋችሁትን ፎልደር ስለሚያስመርጡ ነው። የሚወርደው ፋይል ከመጀመሪያው በእናንተ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያርፈው። ኔት ሲቆራረጥ ካቆሙበት መቀጠላቸውም ትልቅ ነገር ነው፤ ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ከፈቀደ ማለት ነው።

ሰው የሚቸገረው መጀመሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ነው። አፑ ፎልደር እንድትመርጡ ሲጠይቅ የአንድሮይድ የራሱ መስኮት ይከፈታል። ብዙ ሰው የካርዱን ስም ነክቶ እዚያው ላይ «ይህን ተጠቀም» ለማለት ይሞክራል። ስልኩ ግን ይህን ፎልደር መጠቀም አይቻልም፣ ለደኅንነትዎ ሌላ ይምረጡ ይላል። አፑ ተበላሽቶ አይደለም። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ የወጡት በዚህ መስኮት በኩል ካርዱን በሙሉ ለአንድ አፕ መስጠትን አይፈቅዱም። `Download` የሚባለውን ፎልደርም እንዲሁ። እዚያው መስኮት ላይ አዲስ ፎልደር የሚከፍተውን ቁልፍ ንኩና ለምሳሌ `Film` ብላችሁ ሰይሙት። ውስጡ ግቡ። አሁን `Use this folder` የሚለው ከታች ይመጣል። እሱን፣ ከዚያ `Allow` የሚለውን ስትነኩ አለቀ።

ይህ ፈቃድ ከዚያ ካርድ ጋር የታሰረ ነው። ካርዱን ፎርማት ካደረጋችሁት ወይም በሌላ ከለወጣችሁት የካርዱ መለያ ስለሚቀየር አፑ ፎልደሩን አያገኘውም። ማውረድ ድንገት «አልተሳካም» ማለት ከጀመረ ፎልደሩን እንደገና አስመርጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ አፕ ፋይሉን በቁርጥራጭ እያወረደ መጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጥና ሲያልቅ ገጣጥሞ ወደ ካርዱ ይገለብጠዋል። እንዲህ ከሆነ ለ3 ጂቢ ፊልም ስልኩ ውስጥም 3 ጂቢ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። የእናንተ አፕ የቱ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ትልቅ ፋይል እየወረደ ሳለ የስልኩን `Storage` ገጽ ከፍታችሁ የውስጡ ቀሪ ቦታ ይቀንስ እንደሆነ እዩ። ከቀነሰ አፑ ሴቲንግ ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል የሚቀመጥበትን የሚቀይር ምርጫ ፈልጉ። ከሌለው ሌላ አፕ ሞክሩ።

ይህ መንገድ ለቴሌግራም ቪዲዮ አይሆንም። የሚጠቅመው በሊንክ ለሚወርድ ነገር ነው።

በእጅ ማዛወር

የተናቀ መንገድ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። በስልኩ የፋይል አፕ ወይም በ`Files by Google` ፋይሎቹን መርጣችሁ `Move to` ከዚያ ካርዱን ትነካላችሁ። `Copy` ከሆነ ቅጂው ስልኩ ውስጥ ይቀራል፣ ቦታም አይለቅም። ጉድለቱ ለማውረድ መጀመሪያ ቦታ መፈለጉ ነው፤ ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ላይ ትልቅ ፋይል አይወርድም። ከዋትስአፕ ፎልደር ያዛወራችሁት ቪዲዮም ቻቱ ውስጥ አይከፈትም። ከካርዱ ላይ ግን ይከፈታል።

በአንድ ስልክ ላይ እንሞክረው

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች የእህቴን ልጅ ስልክ እንውሰድ። ባለ 32 ጂቢ ነው፣ አንድሮይድ 12፣ ካርዱ 64 ጂቢ። ሲስተሙና አፖቹ ከግማሽ በላይ ይዘውታል። ቴሌግራም ብቻውን ወደ 9 ጂቢ ደርሷል፤ አብዛኛው ከክፍላቸው ቻናል የወረደ የሌክቸር ቪዲዮ ነው። `Download` ፎልደሯ ውስጥ ደግሞ 4 ጂቢ ያህል አለ። ስናየው ያው የሌክቸር ቪዲዮ ነው፣ በ`Save to Downloads` የተደገመ።

መጀመሪያ ያደረግነው ካርዱ ላይ `Timhirt` የሚል ፎልደር መክፈት ነው። ስልኩ ውስጥ `Download` ላይ የነበረውን 4 ጂቢ በ`Move to` እዚያ አዛወርነው። ቴሌግራም ውስጥ ያለውን ቅጂ ግን ወዲያው አልሰረዝንም። ከተዛወሩት ቪዲዮዎች ሁለት ሦስቱን ከፍተን እስከ መጨረሻ መሄዳቸውን አየን። ለፈተና የሚያስፈልጋት ይህ ስለሆነ በራሷ ፎልደር መቀመጥ አለበት፤ ቴሌግራም ቢጠፋም አይጠፋም።

ቀጥሎ ቴሌግራም `Storage Usage` ውስጥ ገባን። ቻናሎቹ በያዙት ቦታ ልክ ተደርድረው ይታያሉ። አሁን ካርዱ ላይ ቅጂ ያላቸውንና አንዴ ታይተው ያለቀላቸውን መርጠን አጸዳን። ወደ 7 ጂቢ ያህል ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ነው `Storage Path` ወደ ካርዱ የተቀየረው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አሮጌው ስልኩ ውስጥ ተከማችቶ እያለ መቀየር የሚያድነው ወደፊት የሚወርደውን ብቻ ነው።

ክሮምን ወደ ካርድ አዞርነው። ፊልም የምታወርደው በሊንክ ስለሆነ ለእሱ የማውረጃ አፕ ላይ `Film` የሚል ፎልደር ሰጠነው። ካርዱን የስልኩ አካል እናድርገው ወይ ብላኝ ነበር። ካርዱን እየነቀለች ጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ ስለምትሰካ አይሆንም አልኳት።

እሷ ጋ የሠራው ልዩነት ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ነገር በራስ ፎልደር፣ ታይቶ የሚጠፋው በአፑ ፎልደር። አንዱን መንገድ መርጦ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ካርዱ ራሱ

ትልቅ ፋይል 4 ጂቢ አካባቢ ሲደርስ እየቆመ «አልተሳካም» የሚላችሁ ከሆነ ካርዱ ቦታ ስላጣ አይደለም። 32 ጂቢ እና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች FAT32 በሚባል አሠራር ነው የሚመጡት። ይህ አሠራር 4 ጂቢ የሚሞላ ፋይል አንድ ላይ መያዝ አይችልም። 64 ጂቢና ከዚያ በላይ የሆኑት exFAT ስለሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም። ስለዚህ ትልልቅ ፊልም ለሚያወርድ ሰው ባለ 32ቱን ከመግዛት ባለ 64ቱ ይሻላል። ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። Class 10 የሚል ካርድ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋ ባይት ይጽፋል። ኔታችሁ 20 ሜጋ ቢት ቢሆን በሴኮንድ የሚያመጣው 2.5 ሜጋ ባይት ነው፤ ካርዱ አይቀደምም።

የሚያስጨንቀው ፎርጅዱ ነው። ላዩ ላይ 128 ጂቢ ተጽፎበት፣ ስልኩም 128 ብሎ አንብቦት፣ ውስጡ ግን 8 ወይም 16 ጂቢ ብቻ የሆነ ካርድ አለ። መጀመሪያ ላይ ደህና ይሠራል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጨርሶ አይጻፍም። ማውረዱ 100 ይልና ቪዲዮው አይከፈትም። የፎቶዎቹ ትንንሽ ምስሎች ግራጫ ይሆናሉ። ኮምፒውተር ካገኛችሁ በዊንዶውስ H2testw፣ በሊኑክስ ወይም በማክ ደግሞ F3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግሯችኋል። ሰዓታት ይወስዳል። ግን ካርዱን በገዛችሁ ቀን፣ ሱቁ ሳይረሳችሁ ብታደርጉት ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን የሲም ማስገቢያ አውጥታችሁ እዩት። አንዳንዱ ሦስት ቦታ አለው፣ ለሁለት ሲምና ለካርድ። አንዳንዱ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ወይ ሲም ወይ ካርድ ነው የሚይዘው። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አብሮ ለያዘ ሰው ይህ ከባድ ምርጫ ነው። ማስገቢያ የሌላቸውም አሉ፤ ለምሳሌ የሳምሰንግ ጋላክሲ S ስልኮች ከ2021ዱ S21 ጀምሮ ካርድ አይቀበሉም። ለእነዚህ የሚቀረው በኦቲጂ የሚሰካ ፍላሽ ነው። ስልኩ እንደ ካርድ ያየዋል፣ ፋይልም በ`Move to` ይዛወርበታል። እየተንጠለጠለ ስለሚወድቅ ግን በቀጥታ ማውረጃ አታድርጉት። ካርድም ይሁን ፍላሽ ከመንቀላችሁ በፊት `Settings` ውስጥ `Storage` ገብታችሁ `Eject` በሉ። መልሳችሁ ስትሰኩት ደግሞ የክሮምንና የቴሌግራምን ሴቲንግ አንዴ እዩ፤ ካርዱ በሌለበት ወደ ስልኩ ተመልሰው ሊሆን ይችላል።